በሁዳዴ የወጣ ሁሉ የጠፋ ደንበኛ አይደለም፦ የወተት ኮንትራት ደንበኛ ስንት እንደሚያወጣ በትንሽ መረጃ መገመት

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከወንድሜ ጋር ለየቤቱ ወተት በወር ኮንትራት እናደርሳለን። ከመስከረም 2017 እስከ ጥቅምት 2018 መጨረሻ 14 ወር ሠርተናል። 96 ደንበኛ ተመዝግቦ 41 አቋርጧል፤ አሁን 55 አሉን። አንድ ደንበኛ በወር 20 ሊትር በ95 ብር ሒሳብ 1,900 ብር ይከፍላል። አንዳንድ ወር አንድም ሰው አይወጣም፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን 15 ሰው ባንዴ ወጣብን። አንድ ደንበኛ በጠቅላላው ስንት ብር ያመጣልናል ብለን እንያዝ? አዲስ ደንበኛ ለማምጣትስ እስከ ስንት ብናወጣ ያዋጣናል? የደብተራችንን ፎቶ አያይዣለሁ።

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፎቶውን ስለላኩ አመሰግናለሁ፤ የመልሴ ግማሽ የተገኘው ከእሱ ነው።

ከስሌቱ በፊት ደብተሩ ራሱ መስተካከል ይኖርበታል። በጥቅምት 2017 ገጽ ላይ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ተብሎ በባልየው ስም የተመዘገበ ቤት አለ፤ የካቲት ላይ ተሰርዟል። ሚያዝያ ላይ በአዲስ ቁጥር በሴት ስም የተመዘገበ ሌላ ቤት ይታያል፤ ስልኩ ግን ያው የቀድሞው ነው። ስልክ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሳመሳክር እንዲህ ያሉ 9 ቤቶች አገኘሁ። ሁሉም ሁዳዴ ሲገባ አቁመው ከፋሲካ በኋላ ተመልሰዋል፤ እናንተ ግን አንድ ጊዜ «አቋረጠ»፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «አዲስ» ብላችሁ ሁለት ጊዜ ቆጥራችኋቸዋል። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር 96 ሳይሆን 87 ቤት ነው፤ የወጡትም 41 ሳይሆኑ 32 ናቸው። አሁን ያሉት 55 ግን አይለወጡም። በትንሽ መረጃ ላይ 9 ስሕተት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የትኛውም ቀመር በኋላ አያርመውም።

ከዚህ የሚከተለው «ወጣ» የሚለውን ቃል መወሰን ነው። እኔ የምመክረው ሁለት ቃል እንድትይዙ ነው፦ ቆመ እና ወጣ። በዐቢይ ጾም ምክንያት ያልከፈለ ቤት «ቆመ» ይባል፤ ከፋሲካ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ሳይመለስ ከቀረ ያን ጊዜ «ወጣ» ተብሎ የመጨረሻ ክፍያው ባለቀበት ቀን ይመዝገብ። በሌላው የዓመቱ ክፍል ደግሞ 45 ቀን ያልከፈለ ሁሉ እንደ ወጣ ይቆጠር። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ክረምቱን ወደየአገራቸው ሄደው በመስከረም የሚመለሱ ከሆነ ለእነሱም እንደ ሁዳዴው የተለየ ቀጠሮ መስጠት ይቻላል። ዋናው ነገር ደንቡ አንድ ጊዜ ተወስኖ ለሁሉም እኩል መሥራቱ ነው፤ ደንቡ በየወሩ ከተለወጠ የዘንድሮውን ከአምናው ማነጻጸር አይቻልም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ደንበኛው 1,900 ብር ይከፍላል፤ ለእናንተ የሚተርፈው ግን ያ አይደለም። በደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ እንደጻፋችሁት ከጎዛምን አርሶ አደሮች ሊትሩን በ75 ብር ትረከባላችሁ፤ ይህ ለአንድ ደንበኛ በወር 1,500 ብር ይሆናል። የባጃጅ ማድረሻው በአንድ ቤት 95 ብር፣ ሲፈስስና ሲበላሽ የሚጠፋው 40 ብር፣ ማሸጊያው 5 ብር ነው። የሚተርፈው 260 ብር ነው። የማቀዝቀዣውን፣ የቤት ኪራዩንና የራሳችሁን ደመወዝ እዚህ ውስጥ አላስገባሁም፤ አንድ ደንበኛ ቢጨመር ወይም ቢቀነስ እነዚያ አይለወጡምና። እነሱ የሚሸፈኑት ከ260ው ድምር ነው።

ስለዚህ ቀሪው ጥያቄ አንድ ደንበኛ ስንት ወር ይከፍላል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አቋራጮች አንዱን ይይዛል፤ ሁለቱም በእናንተ ቁጥር ላይ ምን እንደሚሰጡ ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው አቋራጭ የወጡት ደንበኞች በአማካይ ስንት ወር እንደቆዩ ማስላት ነው። የእናንተ 32 ቤቶች በአማካይ 3 ወር ተኩል ቆይተው ወጥተዋል፤ በ260 ሲባዛ ወደ 900 ብር ይመጣል። ይህ ቁጥር የወጡትን ብቻ ጠይቆ ያሉትን 55 ዝም የሚያሰኝ ነው። ሥራው ገና 14 ወሩ በመሆኑ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊወጣ የሚችለው ቶሎ የሚወጣው ዓይነት ነው፤ ረጅም የሚቆየው ገና አልወጣም። ይህን ስሕተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ባሕር ዳር ላይ ለአንድ የመጠጥ ውኃ አከፋፋይ በዚህ መንገድ አስልቼ «ደንበኛችሁ ከአምስት ወር አይዘልም» አልኳቸው፤ እነሱም ቃሌን አምነው ቅስቀሳውን አቆሙ። ከዓመት በኋላ ስንቆጥር ያን ጊዜ ከነበሩት ደንበኞች ከግማሽ በላይ አሁንም ይከፍሉ ነበር። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ይህን ምላሽ ያስረዘመብኝም እሱ ነው።

ሁለተኛው አቋራጭ የወር አማካይ የመውጣት መጠን ወስዶ አንድን ለእሱ ማካፈል ነው። በ14ቱ ወር ውስጥ ወደ 516 ጊዜ አንድ ቤት ወሩን ጨርሶ «ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ» ከሚለው ውሳኔ ላይ ደርሷል። በደብተሩ እንዳለ፣ ቆመው የተመለሱትን 9ኙንም ጨምሮ፣ 41ን ለዚህ ብናካፍል ወደ 8 በመቶ ይሆናል፤ 1 ለ0.08 ሲካፈል 12 ወር ተኩል፣ በ260 ሲባዛ 3,250 ብር። ይህ መንገድ ትክክል የሚሆነው ደንበኛው በማንኛውም ወር የመውጣት ዕድሉ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። የእናንተ ደብተር ግን ተቃራኒውን ይናገራል፤ ያልተስተካከለውም በሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ነው። አንደኛው ምክንያት የደንበኛው ዕድሜ ነው፤ አዲስ የገባ ቶሎ ይወጣል፣ የሰነበተ ይረጋል። ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ አዲሱም ነባሩም አብሮ ይነቃነቃል። ሁለቱን አንድ አማካይ ውስጥ ስንደባልቃቸው ቁጥሩ የገበያውን ሁኔታ ሳይሆን የምዝገባችሁን ፍጥነት ማሳየት ይጀምራል፦ ብዙ አዲስ ሰው ባስገባችሁበት ማግሥት አማካዩ ይከፋል፣ ምዝገባ ስታቆሙ ይሻሻላል፣ የደንበኞቹ ጠባይ ግን ያው ነው።

ስለዚህ የምንሠራው ደንበኞቹን በመዝገቡ ወር ሳይሆን በኮንትራታቸው ዕድሜ መደርደር ነው። ለእያንዳንዱ የኮንትራት ወር ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ ያን ወር ጨርሰው ማደስ አለማደሳቸው የታወቀ ስንት ቤቶች ናቸው፤ ከእነሱስ ያላደሱት ስንት ናቸው። ገና ያን ወር ያልደረሰ ቤት በዚያ ወር ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ደርሶ ባሳየው ልክ ግን በቀደሙት ወራት ሁሉ ይቆጠራል። በዚህ መንገድ 55ቱ ነባሮች ሳይወጡም ቢሆን ምስክርነታቸውን ይሰጣሉ። በስታቲስቲክስ ትምህርት የካፕላን–ማየር ዘዴ የሚባለው ይህ ነው፤ ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሲሆን በሕክምና ጥናት ውስጥ ገና በሕይወት ያሉ ታማሚዎችን ሳይጥሉ ለመቁጠር ሲያገለግል ኖሯል።

87 ቤት ጥቂት ስለሆነ ወራቱን አንድ በአንድ ከማየት ይልቅ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ አለበለዚያ በ11ኛው ወር ማንም አልወጣም ብለን የማይወጣ ደንበኛ ያገኘን ይመስለናል፣ ያየነው ግን 13 ቤት ብቻ ነው። 13ኛውን ወር የጨረሱት 3 ቤቶች ብቻ በመሆናቸው ትቻቸዋለሁ። ጳጉሜንንም ከነሐሴ ጋር ቆጥሬዋለሁ። አንድ ቤት በየወሩ እድሳት አንድ አንድ ጊዜ ስለሚቆጠር ወራቱ በተደመሩበት ረድፍ ቁጥሩ ከ87 ይበልጣል።

| የኮንትራት ወር | እድሳቱ የታየ | የወጡ | ከእነዚህ በሁዳዴ የወጡ |
|---|---|---|---|
| 1ኛ | 87 | 9 | 1 |
| 2ኛ–3ኛ | 141 | 10 | 2 |
| 4ኛ–6ኛ | 153 | 8 | 3 |
| 7ኛ–12ኛ | 132 | 5 | 0 |

ከሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ በፊት ያለውን ብቻ ብንወስድ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 10 በመቶ፣ በ2ኛውና በ3ኛው ወር 7 በመቶ፣ ከዚያ 5 በመቶ፣ ከሰባተኛው ወር ወዲህ ደግሞ ከ4 በመቶ ያነሰ ይወጣል። እየረጋ መሄዱ ሰዎቹ ወተቱን እየወደዱት ሄዱ ማለት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያውኑ ሁለት ዓይነት ሰው ገብቶ፣ ለሙከራ የገባው ቀድሞ ሲወጣ ልማደኛው ብቻውን የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በደብተር ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ለእናንተ ጥያቄ ልዩነቱ አያስፈልግም።

ነገር ግን ሁዳዴው ገና ተደባልቆ ነው ያለው። ዐቢይ ጾም በ2017 የገባው የካቲት 17 ነበር፤ ያን ዕለት ደንበኞቻችሁ 38 ነበሩ። ከእነሱ 15 ቆሙ፣ 9 ተመለሱ፣ 6 በዚያው ቀሩ። አሁን ካሏችሁ 55 ቤቶች ውስጥ 27ቱ የገቡት ከዚያ በኋላ በመሆኑ ከእናንተ ጋር ሆነው ሁዳዴን ፈጽሞ አላዩም። ሠንጠረዡ እንዳለ ከተወሰደ እነዚህ 27 ቤቶች ሁዳዴ በሌለበት ጊዜ ያሳዩትን መረጋጋት ሁዳዴ ላለበት ዓመትም እንዲመሰክሩ እናደርጋቸዋለን። የዚህ ንግድ ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው፤ በአንድ ዓመት መረጃ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ወቅት ያየውን ደንበኛና ያላየውን ደንበኛ ለይቶ መቁጠር አለበት።

መፍትሔው በሁዳዴ የወጡትን 6 ቤቶች ከሠንጠረዡ አውጥቶ ለብቻቸው ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ተራው የመውጣት መጠን በመጀመሪያው ወር 8 ከ87፣ ማለትም 9.2 በመቶ ይሆናል፤ ከዚያ 5.7፣ ከዚያ 3.3፣ በመጨረሻም 3.8 በመቶ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊለዩ በማይችሉ መጠን ተቀራራቢ ናቸው። ሁዳዴው ደግሞ ራሱን የቻለ አንድ ክስተት ሆኖ፣ የትኛውም ዕድሜ ላይ ያለ ቤት ሲደርስበት 6 ከ38፣ ማለትም 15.8 በመቶ ይወስዳል። ሁዳዴ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፤ ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ስለዚህ በ«ስድስተኛ ወር» ወይም በ«የካቲት» ላይ ከመቸከል ይልቅ በየዓመቱ ባሕረ ሐሳብ በሚሰጠው ቀን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። በ2018 የሚገባው የካቲት 9 ነው።

አሁን በዚህ በኅዳር አንድ አዲስ ደንበኛ ገባ እንበል። ኅዳርን ይከፍላል። ታኅሣሥን የሚከፍለው በ0.908 ዕድል ነው፤ ጥርን በ0.856። ጥር ሲያልቅ ተራው 5.7 በመቶም ሁዳዴውም አብረው ስለሚመጡ የሚቀረው 0.856 በ0.943 በ0.842 ተባዝቶ 0.68 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በዝግታ እየቀነሰ በ12ኛው ወር ወደ 0.51 ይደርሳል። የአሥራ ሁለቱን ወራት ዕድሎች ስንደምር 8.1 ወር እናገኛለን። ይህን በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ለመሥራት ሁለት ዓምድ ይበቃል፤ በ`B` ከ2ኛው እስከ 13ኛው ረድፍ የየወሩን የመውጣት መጠን ትጽፋላችሁ፣ በ`C2` ላይ 1 አድርጋችሁ በ`C3` ላይ የመጀመሪያውን ቀመር ጽፋችሁ እስከ `C13` ወደ ታች ትጎትታላችሁ፤ ድምሩን ሁለተኛው ይሰጣል።

```
=C2*(1-B2)
=SUM(C2:C13)
```

ሁዳዴ በሚገባበት ረድፍ ላይ 5.7 በመቶውን በ20.6 በመቶ መተካት አለባችሁ፤ 0.943 በ0.842 ሲባዛ 0.794 ስለሆነ የሚጎድለው 0.206 ነው።

ከ8.1 ወር ላይ አንድ ነገር ገና ይቀነሳል። ቆመው የሚመለሱት ቤቶች ደንበኛ ሆነው ይቆጠራሉ እንጂ ለሁለት ወር አይከፍሉም። አምና ከሁዳዴ በኋላ የቀሩት 32 ቤቶች ሲሆኑ 9ኙ ሁለት ሁለት ወር ዘልለዋል፤ ይህ በአንድ ቤት 0.56 ወር ነው። ሁዳዴ ላይ የሚደርሰው ደንበኛ 68 ከመቶ በመሆኑ የሚቀነሰው ወደ 0.4 ወር ይመጣል። የሚቀረው 7.7 ወር፣ በ260 ሲባዛ 2,000 ብር ነው። የአንድ ዓመት የወለድ ቅናሽ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ከታች ከማነሣው የወተት ዋጋ ለውጥ አንጻር ለውጡ ትንሽ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ያው ደንበኛ ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ቢገባ ግን ሁዳዴ የሚያገኘው በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። ስሌቱን ስደግመው 8.5 ወር፣ ወደ 2,200 ብር ይሰጣል። በጥር ቢገባ ደግሞ አንድ ወር ከፍሎ ወዲያው ሁዳዴ ላይ ይወድቃል፤ ወደ 1,900 ብር ይወርዳል። የጥሩ ቁጥር በእውነት ከዚህም የባሰ ሊሆን ይችላል ብዬ እፈራለሁ፤ ገና ወተቱን ያልለመደ ቤት እንደ ነባሩ 15.8 በመቶ ብቻ ይወጣል ብለን ገምተናልና። በጥር ለቅስቀሳ የምታወጡትን ገንዘብ ወደ ፋሲካ ማግሥት ብታዞሩት በአንድ ደንበኛ 300 ብር ያህል ልዩነት አለው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በነዚያ ሳምንታት ከ20 ሊትር በላይ የሚፈልግ ቤት ይኖራል፤ ይህን ጭማሪ በስሌቱ ውስጥ አላስገባሁትም።

አሁን ለምን በ12 ወር ላይ እንዳቆምኩ ልንገራችሁ። ከሰባተኛው ወር ወዲህ ያለው መጠን የቆመው በ5 ቤቶች መውጣት ላይ ነው። አምስት ጥቂት ነው፤ በዕድል ብቻ 2 ወይም 10 ሊሆን ይችል ነበር። 10 ቢሆን ኖሮ ብዬ ሁዳዴውን ሳልለይ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሞከርኩት። የመጀመሪያው ዓመት ድምር ከ8.5 ወር ወደ 8.2 ብቻ ዝቅ አለ። የሁለተኛው ዓመት ግን ከ5.1 ወር ወደ 3.3 ወረደ። የመጀመሪያው ዓመት በብዙ ቤቶች ስለተደገፈ አይናወጥም፤ የሁለተኛው ዓመት ግን ማንም ሳያየው በመስመር ማራዘም ብቻ የተገኘ ነው። 3,250 ብር የሚለው አቋራጭ ችግሩም እዚህ ላይ ነው፦ ሐሰት ነው ለማለት አልችልም፣ ነባሮቹ እንደ አሁኑ ከረጉ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው ገና ካልታየ ጊዜ የተበደረ ነው። በተበደረ ጊዜ ላይ የደንበኛ ማምጫ ወጪ አይወሰንም።

የመጀመሪያው ዓመት ቁጥርም ቢሆን አንድ ነጥብ ሳይሆን ክልል ነው። በ87 ቤቶች መጠን በየትኛውም አቅጣጫ አንድ ወር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ስለዚህ በኅዳር ለሚገባ ደንበኛ ከ1,700 እስከ 2,250 ብር ብላችሁ ያዙ። የሁዳዴው 15.8 በመቶ ደግሞ የበለጠ ይወላውላል፤ ከ38 ቤት 6 መውጣቱ እውነተኛው መጠን 6 በመቶም 31 በመቶም ቢሆን ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያሳስበኝ 260 ብሩ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ተወድዶ አርሶ አደሩ በሊትር 5 ብር ቢጨምርባችሁ፣ እናንተም የደንበኛውን ዋጋ ባትነኩ፣ በ20 ሊትር 100 ብር ይሄዳል፤ የሚተርፈው 160 ብር ይሆናል። ያን ጊዜ የኅዳሩ ደንበኛ 7.7 ወር ቢቆይም የሚያመጣው 1,230 ብር ብቻ ነው። በወራት ግምት ላይ ልንሠራ የምንችለው ስሕተት ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ የመረከቢያ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር 260ውን እንደገና አስሉ፤ የመውጣት መጠኑን ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ማደስ ይበቃል። ሌላም አለ፦ በሁዳዴ ደንበኛ ሲቆም አርሶ አደሩ ግን ማለቡን አያቆምም። ያን ወተት ለመረከብ ቃል ገብታችሁ ከሆነና ወደ ቅቤ ስትቀይሩት የምትከስሩት ካለ፣ ኪሳራው ለቆሙት ደንበኞች ተከፋፍሎ ከዋጋቸው ላይ መቀነስ አለበት። ደብተሩ ላይ ይህን አላገኘሁትም።

ለአዲስ ደንበኛ እስከ ስንት ይውጣ ለሚለው፣ 2,000 ብር ያመጣል ማለት 2,000 ብር ይውጣበት ማለት አይደለም። ገንዘቡ በየወሩ እየተንጠባጠበ ይመጣል፤ ከዚያው ላይ ኪራይና ማቀዝቀዣም ይከፈላል። እኔ ትንሽ መረጃ ላለው ሥራ የምጠቀምበት መለኪያ በሦስት ወር ውስጥ መመለሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዕድሎች 1፣ 0.908 እና 0.856 ሲደመሩ 2.76 ወር፣ በ260 ወደ 720 ብር ይሆናሉ። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ነፃ ወተቱን፣ ለጠቆመ ነባር ደንበኛ የሚሰጠውን ቅናሽና በየቤቱ የሚዞረውን ልጅ አበል ደምራችሁ በአንድ አዲስ ደንበኛ ከ700 ብር እንዳታልፉ። በጥር ለሚገባ ደግሞ ሁዳዴው ከመጀመሪያው ወር ቀጥሎ ስለሚመጣና የሚቆሙትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ስለማይከፍሉ፣ በሦስት ወር የሚመለሰው ወደ 550 ብር ይወርዳል። ይህ መለኪያ ጥሩነቱ በብዙ ቤቶች የታየውን የሠንጠረዡን ክፍል ብቻ መጠቀሙ ነው።

ግምቱ ልክ መሆን አለመሆኑን የምታውቁበት ቀን ቅርብ ነው። ተራው መውጣት ጥቂት ቤቶችን ወስዶ የካቲት 9 ላይ ካሁኖቹ 50 ያህል ቢቀሩ፣ በአምናው መጠን ወደ 20 ቤት ይቆማል፣ ከእነሱ 12 ያህሉ ተመልሰው 8 ይወጣሉ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ቁጥሩን የምትዘጉት ግንቦት 4 ነው። የወጡት ከ13 ከበለጡ ሁዳዴውን አቅልለን ገምተናል፤ ከ4 ካነሱ አግንነናል። ከጠቅላላው ቁጥር የበለጠ ግን አምና ሁዳዴን ያለፉትን 28 ቤቶችና ዘንድሮ መጀመሪያ የሚያዩትን 27 ለየብቻ ቁጠሯቸው። ነባሮቹ በጣም ጥቂት ከወጡ ሁዳዴ ደንበኛን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያበጥር ወንፊት ነው ማለት ነው፤ የሁለተኛውን ዓመት ገንዘብ በድፍረት መቁጠር የምትጀምሩትም ያኔ ነው። ሁለቱም እኩል ከወጡ ደግሞ በየዓመቱ 15 ከመቶ እየቀነሳችሁ መቀጠል ይኖርባችኋል።

ይህ እንዲቻል ከአሁን ጀምሮ በደብተሩ ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሩ። በአንደኛው ስልክ ቁጥሩ የቤቱ ቋሚ መለያ ሆኖ ይጻፍ፤ ባል ቢመዘገብ ሚስት፣ ቤቱ ያው ቤት ነው። በሁለተኛው ደግሞ የሚያቆም ሰው «ከፋሲካ በኋላ እንምጣ?» ተብሎ ተጠይቆ የመለሰው ቃል በዚያው ዕለት ይስፈር።